ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት ጉድጓዱን በፌሮ ይውጉት

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ጂ+4 ሕንፃ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነኝ። የአፈር ጥናቱ በ2 ሜትር ጥልቀት መሬቱ 200 ኪሎ ፓስካል ይሸከማል ብሎ ነበር። ስንቆፍር ግን ከ20 የፉቲንግ ጉድጓዶች በ7ቱ ግራጫ ለስላሳ አፈር ወጣ። በእጅ ቬን ስንለካው 25 ኪሎ ፓስካል ገደማ አነበብን። አንዱን በኤክስካቫተር ስናወርደው 2.9 ሜትር ላይ ውሃ፣ 3.6 ሜትር ላይ ጠንካራ አሸዋማ አፈር አገኘን። ተቋራጩ ድንጋይ ጠቅጥቀን እንቀጥል ይላል፤ እኔ በየኮለኑ ፉቲንግ ፈንታ መላውን ሕንፃ ወደሚሸከም አንድ ወጥ የአርማታ ማት መለወጥ አስቤአለሁ። ባለቤቱ ደግሞ ‹ለአፈር ጥናት ከፍዬ አልነበር? አሁን ምን መጣ?› ይላሉ። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

ምላሽ፦

ማት የሚለውን ቃል ለጊዜው ከደብዳቤው ያውጡት። ምክንያቱን ወደ ኋላ በቁጥር አሳያለሁ፤ ዋናው ችግር ግን ከምርጫው ይልቅ ቅደም ተከተሉ ነው። ባለቤቱ የተቆጡት ገንዘብ ስለ ተጠየቁ ብቻ አይደለም። ምን እንደ ተገኘ ሳይነገራቸው ምን እንደ ተወሰነ ሊነገራቸው ስለሆነ ነው። ሰው ጭቃውን በዓይኑ አይቶ፣ የት ድረስ እንደሚሄድ በወረቀት ላይ ተስሎለት ሲያበቃ የሚቀርብለት ወጪ ሌላ ነው፤ «ለደኅንነት ሲባል መሠረቱ ተለውጧል» ተብሎ የሚቀርብለት ወጪ ሌላ።

ከባለቤቱ ጥያቄ ልጀምር። ጥናቱ ተሳስቷል ብለው እንዳይጽፉ። ስንት ጉድጓድ ተቦርቡሮ እንደ ነበር አልነገሩኝም፤ በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ላይ የማየው ግን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው። የአንዱ ስፋት ከአንድ የሻይ ሳህን አይበልጥም። 260 ካሬ ሜትር ቦታ በሁለት የሻይ ሳህን ሲታይ በመካከል ያለው ግምት ነው፤ ሪፖርቱም እንደ ደንቡ ይህንኑ በመጨረሻ ገጾቹ ላይ ይጽፋል። ያንን ዐረፍተ ነገር ፈልገው በደብዳቤው ውስጥ ቃል በቃል ይጥቀሱት። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ግምቱ ከሌላው ቦታ ይልቅ ደካማ ነው። ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ዳርቻው እንደ ዝናቡ ወዲያና ወዲህ ሲል የኖረ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችበት ሜዳ የሐይቅ ደለል፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ፐሚስ በየተራ የተደራረቡበት ነው። ወደ ጥቁር ውሃና ቸለለቃ በኩል ረግረጉ ገና በዓይን ይታያል፤ በሌላው በኩል ግን አስፋልትና አጥር ስለ ሸፈነው ነው እንጂ ከሥር ያለው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ አንዱ ማዕዘን አሸዋ ላይ፣ ሌላው ደለል ላይ ቢያርፍ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ያገኛችሁት በእርግጥ የሐይቅ ደለል ነው? ይህንን ሳያረጋግጡ አይጻፉ፤ መልሱ መፍትሔውን ይለውጣል። የጉድጓዱን ግድግዳ በአካፋ ላጥ አድርገው አጽድተው ይመልከቱት። ደለል ከሆነ አግድም የተነጠፉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፤ አንዳንዴም ነጭ የአመድ ክር ወይም የቀንድ አውጣ ቅርፊት። ከሰል፣ የጡብ ስባሪ፣ የፌስታል ቁራጭ ካለበት፣ ወይም ድንበሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከወረደ ሰው የቆፈረው አሮጌ ጉድጓድ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ሽታው ራሱ ይናገራል። አሮጌ ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ፉቲንግ በላይ አይነካም። ሰባት ጉድጓድ በአንድ ወገን ተያይዘው ለስላሳ ከሆኑ የእኔ ግምት ደለል ነው፤ ሰባቱ ተበታትነው ከሆነ ግን ግምቴን እለውጣለሁ።

ቀጥሎ የለስላሳውን አፈር ወሰን ይለዩ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጫፉ የሾለ ባለ 14 ፌሮ፣ 3 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሁለት ሰው ክብደት ይጫን። በለስላሳው ውስጥ እንደ ቅቤ ይሄዳል፤ ጠንካራው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና እጅን ያነዝራል። በእያንዳንዱ ፉቲንግ አራት ማዕዘንና መካከል ይውጉ፣ የገባበትን ጥልቀት ይመዝግቡ። ጠንካራ የመሰሉትን 13 ጉድጓዶች አይዝለሉ፤ ከላይ 30 ሳንቲሜትር የደረቀ ቅርፊት ኖሮት ከሥር ጭቃ የሆነ መሬት በዚህ ከተማ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ፌሮው ግን የሚነግርዎ የለስላሳውን መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ ምን ያህል ውፍረት እንዳለው አይነግርም። ለዚያ በለስላሳው ወገን መካከል አንድ አዲስ ቦርሆል፣ ቢያንስ 12 ሜትር ድረስ፣ ያስፈልጋል። ይህ ለድርድር አይቀርብም፤ የምመክረው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

አሁን ወደ ተቋራጩ ሐሳብ። ድንጋይ ጠቅጥቆ ማለፍ ስህተት የሚሆነው ድንጋይ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ስሌቱ ስለማይደርስ ነው። በቬን ያነበባችሁት 25 ኪሎ ፓስካል የአፈሩ የመቆረጥ ጥንካሬ እንጂ የመሸከም አቅሙ አይደለም፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ በደብዳቤው ላይ እንዳይደባለቁ። ከእሱ ተነስተን፣ በመሸከም ቀመሩ ቁጥር በ5.14 አባዝተን፣ ለካሬ ፉቲንግ ደግሞ በ1.2 አባዝተን፣ በደኅንነት መጠን 3 ስናካፍል 51 ኪሎ ፓስካል እናገኛለን። በባለቤቱ ቋንቋ በካሬ ሜትር 5 ቶን ማለት ነው፤ ጥናቱ ተስፋ የሰጠው 20 ቶን ነበር። የመካከል ኮለናችሁ በ4.5 ሜትር ርቀት ከሆነ ወደ 90 ቶን ይወርድበታል። ፉቲንጉ 2.2 በ2.2 ነው እንበል። 40 ሳንቲሜትር ድንጋይ ከሥሩ ብታነጥፉ ጭነቱ ቢሰፋ ቢሰፋ ወደ 2.6 በ2.6 ነው፤ ለስላሳው አፈር ላይ የሚደርሰው 13 ቶን ይሆናል። አምስት ለሚችል አሥራ ሦስት። ጥቅጠቃው የሚሠራው አንድ ሥራ ቢኖር ጭቃውን ከዓይን መሰወር ነው። ከዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ የተሠራ ሕንፃ እንድመረምር ተጠርቼ ነበር፤ ሁለተኛው ክረምት ላይ የበሮቹ ማዕዘን በሰያፍ ተሰንጥቆ፣ በሮቹ አልዘጋ ብለው አናጺ በየወሩ ሲልጋቸው አገኘሁ።

ፉቲንጎቹን ማስፋትም መንገድ ይመስላል፤ ብዙ ባለሙያም መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። 90 ቶኑን በ5 ቶን ስናካፍል 18 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 4.2 በ4.2 ያስፈልጋል። ኮለኖቹ በ4.5 ሜትር ስለ ቆሙ በፉቲንጎቹ መካከል የሚቀረው 30 ሳንቲሜትር ነው። ቢሠራም እንኳ ጉዳዩ በመሸከም አያበቃም፤ መስመጥ አለ። 1.6 ሜትር ውፍረት ያለው እንዲህ ዓይነት ደለል በዚያ ጭነት ወደ 3.5 ሳንቲሜትር ይጨመቃል ብዬ እገምታለሁ፤ በጠንካራው በኩል ያለው ጎረቤት ኮለን ደግሞ 1 ሳንቲሜትር ገደማ። ልዩነቱ 2.5 ሳንቲሜትር ነው። ብሎኬትና ልስን ሳይሰነጠቅ የሚችለው፣ በተለመደው የ1 ለ500 መለኪያ፣ በ4.5 ሜትር ውስጥ 9 ሚሊሜትር ነው። ሕንፃን የሚጎዳው መስመጡ ራሱ አይደለም፤ አንዱ ወገን ሲሰምጥ ሌላው እምቢ ማለቱ ነው። ይህችን ነጥብ ባለቤቱ ከያዙ ቀሪው ሁሉ ይገባቸዋል።

ማትም የሚወድቀው በዚችው ነጥብ ላይ ነው። ማት ጭነት ያከፋፍላል እንጂ ለስላሳ አፈር አያጠነክርም። የሕንፃውን ክብደት በሙሉ ወለሉ ላይ ስናከፋፍለው በካሬ ሜትር 5.5 ቶን ገደማ ነው፤ 60 ሳንቲሜትር ማት 1.5 ቶን ይጨምራል። ከተቆፈረው 2 ሜትር አፈር 3.4 ቶን ስለ ተነሣለት ቀሪው 3.6 ቶን ነው፤ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ሥራው ላይ ማቱ ካለቀ በኋላ ከላዩ እስከ ምድር ቤቱ ወለል ድረስ ገረጋንቲ ይሞላበታል። 1.4 ሜትር ሙሌት 2.4 ቶን መልሶ ስለሚጭን ቀሪው ወደ 6 ቶን ይወጣል፤ የተነሣው አፈር በኋላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በዚህ ላይ የማቱ አንድ ሦስተኛ ደለል ላይ፣ ሁለት ሦስተኛው አሸዋ ላይ ስለሚያርፍ በድንበሩ ላይ ይታጠፋል፤ ያንን ለመቋቋም ፌሮው ይበዛል። ከ150 ሜትር ኩብ በላይ አርማታ አፍስሰው ችግሩን ከፉቲንግ ወደ ማት አዛወሩት እንጂ አልፈቱትም። ከመሬት በታች ቤዝመንት ያለው ሕንፃ ቢሆን፣ ወይም ለስላሳው በመላው ቦታ ላይ እኩል የተነጠፈ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እል ነበር።

የምመክረው ይህ ነው፦ ሰባቱን ጉድጓዶች እስከ 3.6 ሜትር ወይም ጠንካራው እስከሚገኝበት ድረስ ማውረድ፣ ከታች እስከ ቀድሞው የፉቲንግ ደረጃ በሳይክሎፒያን አርማታ መሙላት፣ ፉቲንጉንም በነበረበት ልክና ከፍታ በላዩ ላይ መሥራት። ጉድጓዱ 2.5 በ2.5 ቢሆን ለአንዱ 10፣ ለሰባቱ 70 ሜትር ኩብ ነው፤ ፌሮ የለውም፣ ከመጠኑም አንድ ሦስተኛው ድንጋይ ነው። ከሥሩ ወደ ጠንካራው የሚተላለፈው 16 ቶን ገደማ ስለሆነ ከ20 በታች ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ርካሽነቱ አይደለም። ሃያውም ኮለን አንድ ዓይነት አፈር ላይ ይቆማሉ፤ ቢሰምጡም አብረው ይሰምጣሉ። ለምን በገረጋንቲ አንሞላውም ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ገረጋንቲ በ20 ሳንቲሜትር ንጣፍ ተጠቅጥቆ በየንጣፉ መፈተሽ አለበት፤ የታችኛው 70 ሳንቲሜትር ግን ውሃ ውስጥ ነው። ውሃ ውስጥ ጥቅጠቃ ማለት ጭቃ ማሸት ነው። አርማታ በንጣፍ በንጣፍ መጠቅጠቅ አያስፈልገውም።

አሠራሩ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉድጓድ የሚከፈተው አንድ አንድ ነው፤ በጠዋት ተቆፍሮ፣ ታይቶ፣ በዚያው ቀን አርማታ ይሞላል። ሌሊት ያደረ ጉድጓድ በጠዋት ግድግዳው ተንዶ ይጠብቃል። ጎን ለጎን ያሉትን በተከታታይ ቀናት አይክፈቱ፤ በአጥሩ በኩል የጎረቤት ግድግዳ ካለ ደግሞ ለዚያኛው ወገን ድጋፍ ሳይቆም መቆፈር አይጀመር። ውሃው ከጉድጓዱ መካከል በፓምፕ ከተሳበ አሸዋው ከሥር እንደ ሽሮ ይፈላል፤ የፈላ አሸዋ ደግሞ ጥንካሬውን ጥሏል። በማዕዘን በኩል ከወለሉ ግማሽ ሜትር የሚጠልቅ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ጎኑ የተበሳሳ በርሜል ይቀበርበት፣ ዙሪያው ጠጠር ይሁን፤ ፓምፑ ከዚያ ይሳብ። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ደፍርሶ ከቀጠለ አፈር እየሳባችሁ ስለሆነ ያቁሙት። ፓምፑ አንዴ ከተነሣ በኋላ አርማታው እስኪጠነክር አይጠፋም፤ መለዋወጫ ፓምፕ ቦታው ላይ ሳይኖር አይጀምሩ።

ይህ ምክር ድንበር አለው። ፌሮው ከ4 ሜትር ከወረደ፣ ወይም አዲሱ ቦርሆል ከአሸዋው ሥር ሌላ ለስላሳ ንጣፍ ካሳየ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ማት ወይም ፓይል ከነሙሉ ስሌቱ እንደ አዲስ ይታያል። ከታች ያለው ጠንካራ ነገር ፐሚስ ከሆነም ይጠንቀቁ፤ ሲነካ ጠንካራ ይመስላል፣ በእጅ ሲታሽ ግን ይደቃል። በተጨማሪም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌቱ የተሠራበት የመሬት ምድብ በላይኛው 30 ሜትር ስለሚወሰን 1.6 ሜትር ደለል ብቻውን አይለውጠውም፤ ሆኖም ልል አሸዋ በውሃ ውስጥ ከተገኘ ስትራክቸራል መሐንዲሱ ያንን ለይቶ እንዲያይ ይጠይቁ። ሃያዎቹን ፉቲንጎች የሚያያይዘው ግሬድ ቢም ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ሙሉ ይሁን፤ ለመቆጠብ የሚቀነስ ነገር አይደለም።

አሁን ደብዳቤው። እርስዎ ተቆጣጣሪ እንጂ ነዳፊ ስላልሆኑ ለውጡን በፊርማዎ አይውሰዱት። በእነዚያ ሰባት ጉድጓዶች ሥራ እንዲቆም ለተቋራጩ በጽሑፍ ያዝዙ፤ ስሌቱንና የተሻሻለውን ንድፍ የስትራክቸራል መሐንዲሱ ፈርሞ ይስጥዎ፤ ደብዳቤው ያንን አያይዞ ይሂድ። ከመላክዎ በፊት ባለቤቱን ጉድጓዱ ዘንድ ይዘዋቸው ይሂዱ፣ ፌሮውን ራሳቸው ይጫኑት። ከዚያ በኋላ እንዲህ ቢጽፉ ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ በመሠረት ቁፋሮ የተገኘውን ለስላሳ አፈርና ያስከተለውን የንድፍ ለውጥ ይመለከታል። ከ20 የፉቲንግ ጉድጓዶች በ7ቱ ከ2 ሜትር እስከ 3.6 ሜትር ጥልቀት ለስላሳ ደለል ተገኝቷል። ቦታውና ጥልቀቱ በተያያዘው ንድፍ ላይ በቀለም ተለይቷል፤ ፎቶግራፎችም ተያይዘዋል። ይህ አፈር በካሬ ሜትር 5 ቶን ገደማ የሚሸከም ሲሆን ንድፉ የተሠራው ለ20 ቶን ነው። የአፈር ጥናቱ በቦርሆሎቹ መካከል የአፈሩ ዓይነት ሊለይ እንደሚችል በገጽ … ላይ አመልክቷል። ፉቲንጎቹን በማስፋት ብቻ ቢሠራ እንኳ ሕንፃው በአንድ ወገን ከሌላው 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ ይበልጥ ሊሰምጥ፣ ግድግዳዎቹም ሊሰነጠቁ እንደሚችሉ ተሰልቷል። ስለዚህ በሰባቱ ጉድጓዶች ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ተቆፍሮ በአርማታ እንዲሞላ ሐሳብ አቅርበናል። ተጨማሪ ሥራው 70 ሜትር ኩብ ቁፋሮ፣ 70 ሜትር ኩብ ሳይክሎፒያን አርማታ፣ የውሃ መሳብና አንድ ቦርሆል ሲሆን፣ ዋጋው በውሉ ነጠላ ዋጋዎች ተሰልቶ ተያይዟል። መጠኑ የሚከፈለው በቦታው ተለክቶ በተገኘው ልክ ነው። ከ3.6 ሜትር በታች ለስላሳ አፈር ከቀጠለ ሥራውን አቁመን እናሳውቅዎታለን። ከኮለን፣ ከግድግዳና ከፎቅ አቀማመጥ የሚለወጥ ነገር የለም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አይተዋት፤ ባለቤት ሁሉ «ንድፍ ተለወጠ» ሲባል ክፍሎቹ የተቀነሱበት ይመስለዋል። «በቦታው ተለክቶ» የምትለውም እንዲሁ ትሁን፤ ጥቅል ዋጋ ከተስማሙ 3.2 ሜትር ላይ ጠንካራ የተገኘበት ጉድጓድ የ3.6 ይከፈልበታል። ከአርማታ በፊት የእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥልቀት በሜትር ተለክቶ እርስዎ፣ ተቋራጩና የባለቤቱ ወኪል በአንድ ወረቀት ላይ ይፈርሙ። ከተሞላ በኋላ ማንም ሊለካው አይችልም።

ወጪውን ማን ይሸከማል የሚለው ከውሉ ይነበባል። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የግንባታ ውል፣ መልክ የተጻፈ ከሆነ አንቀጽ 4.12 ልምድ ያለው ተቋራጭ አስቀድሞ ሊያውቀው ያልቻለውን የመሬት ሁኔታ ለባለቤቱ ያስቀምጣል፤ ተቋራጩ ግን የይገባኛል ማስታወቂያውን በ28 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። የእናንተ ውል ሌላ ከሆነ ተመሳሳዩን አንቀጽ ይፈልጉ፤ ከሌለም ከመቆፈር በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። የተሻሻለው የመሠረት ንድፍ ደግሞ በሕንፃ አዋጁ መሠረት ፈቃዱን ለሰጠው የሕንፃ ሹም ይቅረብ። አንዳንዱ «ከመሬት በታች ነው፣ ማን ያየዋል?» ይላል። የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲጠየቅ ወይም ባንክ ሕንፃውን ለመያዣ ሲያስገምት የሚፈለገው ይኸው ወረቀት ነው።

ባለቤቱ ይህን ሁሉ አይተው አልፈርምም ካሉ፣ ሰባቱ ጉድጓዶች ባሉበት ይቁሙ፤ በአሥራ ሦስቱ ላይ ሥራው ሊቀጥል ይችላል፣ ፌሮው ንጹሕ ናቸው እስካለ ድረስ። ክረምቱ እየገባ ከሆነ ግን ክፍቱን አይተዋቸው። እስኪወሰን ድረስ በወጣው አፈር ተሞልተው ይቆዩ፤ ውሃ ገብቶበት የከረመ የጉድጓድ ወለል በኋላ የሚቆረጠውን በ20 እና በ30 ሳንቲሜትር ይጨምረዋል።